ሰነድ በስደት ለጠፋበት ስደተኛ፦ ጋብቻንና ልጅነትን ለጀርመን ኤምባሲ እንዴት ማስረዳት ይቻላል?

ተስፋይ ከካሰል

ውድ የዚህ መድረክ ተሳታፊዎች፣ ለሚስቴና ለልጆቼ በማቀርበው የቤተሰብ ማምጣት ማመልከቻ ላይ ምክራችሁን ለመጠየቅ ነው የምጽፈው። ኤርትራዊ ነኝ። የተወለድሁት አዲስ አበባ ሲሆን በ1990 ዓ.ም. ጦርነት ሲጀመር ከተባረሩት ቤተሰቦች አንዱ የእኛ ስለነበር ያደግሁት አዲ ቀይሕ ነው፤ አማርኛዬ ከልጅነቴ የቀረኝ በመሆኑ ስሕተት ብታገኙ ይቅርታ አድርጉልኝ። በጀርመን ሙሉ የስደተኛነት ዕውቅና ያገኘሁት በቅርቡ ነው፤ ውሳኔው በእጄ ከገባ አንድ ወር አልሞላውም።

ከባለቤቴ ጋር የተጋባነው በጥር 2005 ዓ.ም. በተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በቁርባን ነው። የመጀመሪያው ልጃችን በመስከረም 2007 ዓ.ም. እዚያው ኤርትራ ተወለደ። ከዚያ ወደ ትግራይ ተሻግረን ሕፃፅ መጠለያ ጣቢያ ገባን፤ ሁለተኛዋ ልጃችንም በሚያዝያ 2010 ዓ.ም. በጣቢያው ተወለደች። እኔ በ2011 ዓ.ም. ወደ ሱዳን ወጣሁ። በትግራዩ ጦርነት ጊዜ ሕፃፅ ሲጠፋ ባለቤቴ ልጆቹን ይዛ በእግሯ ሸሸች፤ የጋብቻ ወረቀታችን፣ የልጆቹ የክርስትና ካርድና የራሷ የኤርትራ መታወቂያ ከቤቱ ጋር ተቃጠሉ። አሁን አዲስ አበባ ትኖራለች፤ በእጇ ያለው በስደተኛነት የተመዘገበችበት ወረቀት ብቻ ነው።

ከሁለቱ ልጆች ሌላ አንዲት ልጅ አለችን። የባለቤቴ ታላቅ እህት ልጅ ናት፤ እናቷ ገና በሕፃንነቷ ስለሞተች ያሳደግናት እኛ ነን፤ በጣቢያው ስንመዘገብም እንደ ልጃችን ነው ያስመዘገብናት። ዛሬ 13 ዓመቷ ነው።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ወረቀት የሌለውን ጋብቻ ኤምባሲው ይቀበላል ወይ? ሁለተኛ፣ ሦስቱንም ልጆች በአንድ ማመልከቻ ማቅረብ እችላለሁ ወይ?

ብርሃኑ ዲሲ

ወንድሜ ተስፋይ፣ እንኳን ለዚህ አበቃህ። መጨነቅ የለብህም፤ ጊዜ አለህ። የእኔ ታናሽ እህት እዚህ አሜሪካ ጥገኝነት ካገኘች በኋላ ባሏን ለማስመጣት ሁለት ዓመት ተሰጥቷታል፤ ተረጋግታ ነው ሰነዱን ያዘጋጀችው። ሰነድ ለጠፋባቸው ደግሞ የዲኤንኤ ምርመራ አለ። ሁላችሁም ተመርመሩና ውጤቱን አስገቡ፤ ከዚያ በኋላ የሚጠይቃችሁ አይኖርም። ለጋብቻው ባለቤትህ በወረዳ ጽሕፈት ቤት በውክልና አዲስ የጋብቻ ምስክር ወረቀት ብታወጣ ቀላሉ መንገድ ይህ ይመስለኛል።

ዘነበች ፍራንክፈርት

አቶ ብርሃኑ ቅን አስበው እንደጻፉ አያጠራጥርም፤ ነገር ግን አቶ ተስፋይ ይህን ምክር ቢከተሉ ከባድ ጉዳት ስለሚደርስባቸው ዝርዝሩን ልጻፍ። በስደተኞች ምክር መስጫ ውስጥ ለዓመታት በአስተርጓሚነትና በአማካሪነት ሠርቻለሁ፤ የማውቀው የጀርመኑን አሠራር ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የጊዜው ጉዳይ። የሁለት ዓመቱ ገደብ የአሜሪካ ነው። በጀርመን ዕውቅና ያገኘ ስደተኛ የራሱን ገቢና የቤት ስፋት ሳይጠየቅ ሚስቱንና ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆቹን የማምጣት መብት የሚኖረው ውሳኔው የጸና ከሆነበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ ካመለከተ ነው። ሦስት ወር ያለፈበት ሰው መብቱ ባይጠፋም ቤተሰቡን የሚያስተዳድርበት ገቢና በቂ ቤት እንዳለው እንዲያሳይ ሊጠየቅ ይችላል፤ ገና የቋንቋ ትምህርት ላይ ላለ ሰው ይህ በሩ ተዘጋ ማለት ነው። ደግነቱ ሕጉ ገደቡ በእርስዎ በኩል በሚቀርብ ማመልከቻም እንደሚጠበቅ በግልጽ ይደነግጋል። ስለዚህ ባለቤትዎ በአዲስ አበባ የኤምባሲ ቀጠሮ እስኪያገኙ ሳይጠብቁ፣ እርስዎ በሚኖሩበት ከተማ ላለው የውጭ ዜጎች መሥሪያ ቤት የሚስትዎንና የልጆችዎን ሙሉ ስም፣ የልደት ቀንና አድራሻ የያዘ ደብዳቤ በዚህ ሳምንት ያስገቡ፤ መድረሱን የሚያረጋግጥ ማኅተም ወይም የጽሑፍ መልስ ተቀብለውም ያስቀምጡ። ለዚህ ደብዳቤ አንድም የጋብቻ ወይም የልደት ወረቀት ማያያዝ አያስፈልግም፤ ማስረጃው በኋላ ይመጣል።

ሁለተኛው የአዲሱ ጋብቻ ወረቀት ነው። እባክዎ ይህን አያድርጉ። ባለቤትዎ የጀርመንኛ ቋንቋ ፈተና ሳያልፉ መግባት የሚችሉት ጋብቻው እርስዎ ወደ ጀርመን ከመምጣትዎ በፊት የነበረ በመሆኑ ነው። ዛሬ በወረዳ የሚወጣ ወረቀት የዛሬን ቀን ይይዛል፤ ለሚያየው ሠራተኛ በ2005 ዓ.ም. የተመሠረተው ትዳር እንዳልነበረና ከስደት በኋላ እንደተፈጠረ ይመስላል። በዚያ ላይ በእጅዎ የያዙትን እውነተኛ ታሪክ በሌላ ታሪክ ይሸፍነዋል። የኤርትራ ሕግ የሃይማኖት ጋብቻን እንደ ሙሉ ጋብቻ ይቀበላል፤ በምምሕዳር፣ ማለትም በአካባቢው አስተዳደር፣ መመዝገቡ ለማስረጃ ይረዳል እንጂ ጋብቻውን የሚፈጥረው ምዝገባው አይደለም። ስለዚህ ሊያስረዱ የሚገባዎት ያ ቁርባን መፈጸሙን ነው።

ስለ ዲኤንኤው ደግሞ፣ ምርመራው ልጅነትን ያሳያል፤ ጋብቻን አያሳይም። የጋራ ልጆች መኖራቸው ለትዳሩ ደጋፊ ማስረጃ ቢሆንም በራሱ ትዳር አይደለም። ስለ ሦስተኛዋ ልጅ ለብቻው እመለሳለሁ፤ ከሁሉ የከበደው እሱ ነው።

ሰብለ ወ.

እኔም በዚሁ ጉዳይ የምጨነቅ ነኝ። እኔ ያገኘሁት ሙሉ ዕውቅና ሳይሆን ንዑስ ጥበቃ የሚባለውን ነው። ባለቤቴ ካምፓላ ነው። እህት ዘነበች፣ ሦስት ወሩ ለእኔም ይሠራል? ሰነዴም እንደ ተስፋይ ጠፍቶብኛል።

ዘነበች ፍራንክፈርት

እህቴ ሰብለ፣ የእርስዎ ሁኔታ የተለየ ነው። በንዑስ ጥበቃ ላሉ ሰዎች ቤተሰብ ማምጣት ከሐምሌ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሁለት ዓመት ታግዷል፤ ከእገዳው ውጭ የሚሆኑት እጅግ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ብቻ ናቸው። ከዚህ በላይ እዚህ ክር ውስጥ ብጽፍ የአቶ ተስፋይን ጉዳይ ስለሚያደናግር፣ ለብቻዎ ጥያቄ ቢከፍቱ በደስታ እመልሳለሁ። ሆኖም ከዚህ በታች ስለ ማስረጃ የምለው ለእርስዎም ሊጠቅም ይችላል፤ ወረቀቱን ከአሁኑ መሰብሰብ አይጎዳም።

አቶ ተስፋይ፣ ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። የአውሮፓ ኅብረት የቤተሰብ ማምጣት መመሪያ፣ ማለትም የ2003ቱ መመሪያ ቁጥር 86፣ በአንቀጽ 11 ሁለተኛ ንዑስ አንቀጽ እንዲህ ያለ ግዴታ ይጥላል፦ ስደተኛው የዝምድናውን ይፋዊ ሰነድ ማቅረብ ካልቻለ አባል አገሩ ሌላ ማስረጃ መመልከት አለበት፤ ማመልከቻውንም ሰነድ በመጉደሉ ብቻ ውድቅ ማድረግ አይችልም። በመጋቢት 2019 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ይህን አንቀጽ የተረጎመው በአንዲት ኤርትራዊት ጉዳይ ነው። ኔዘርላንድ የምትኖር ነበረች፤ ሱዳን የቀረውን፣ ወላጆቹ ስለሞቱ እሷ አክስቱ የምታሳድገውን ልጅ ለማምጣት ስታመለክት የሞትም የአሳዳጊነትም ሰነድ የላትም ተብላ ተከልክላ ነበር። ፍርድ ቤቱ ያለው በአጭሩ ይህ ነው፦ ባለሥልጣኑ ሰነዱ ለምን እንደሌለ የተሰጠውን ማብራሪያ የሰውየውን ዕድሜ፣ ጾታ፣ ትምህርት፣ የመጣበትን ኅብረተሰብና የሸሸበትን ሁኔታ ግምት ውስጥ አስገብቶ መመዘን አለበት፤ በአጠቃላይ የአገር መረጃ ላይ ብቻ ተመርኩዞ ማብራሪያው አያሳምንም ማለት አይበቃም። በአንጻሩ አመልካቹም የመተባበር ግዴታ አለበት፤ ማግኘት የሚችለውን ሳይፈልግ ጠፋ ብቻ ቢል አይጠቅመውም።

ይህ በተግባር ማለት ማመልከቻዎ ሁለት ነገር ይፈልጋል፦ ሰነዱ እንዴት እንደጠፋና ምትክ ለማግኘት ምን እንደሞከራችሁ የሚያስረዳ በቀን ቅደም ተከተል የተጻፈ መግለጫ፣ ከዚያም የሚገኘው ማስረጃ ሁሉ። የሕፃፅ መጥፋት በሰፊው የሚታወቅ በመሆኑ የመጀመሪያውን ማስረዳት አይከብድም፤ ባለቤትዎ በየትኛው ወር ከጣቢያው እንደወጡ፣ በየት አድርገው አዲስ አበባ እንደደረሱ በራሳቸው አንደበት ይጻፉት።

አባ ገብረ መድኅን ዘስቱትጋርት

ልጄ ተስፋይ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ነገር እኔ ልናገር። ቁርባን ሲፈጸም ለሙሽሮቹ ወረቀት ይሰጣል፤ ከዚያ ውጭ በደብሩ መዝገብ ላይ ስም ይሰፍራል። የአንተ ወረቀት ሕፃፅ ላይ ቢቃጠልም መዝገቡ አዲ ቀይሕ አካባቢ ሊኖር ይችላል። የቀረ ዘመድ ካለህ ደብሩን ጠይቆ ከመዝገቡ የተገለበጠ ምስክር ወረቀት ከሀገረ ስብከቱ ማኅተም ጋር ሊያወጣልህ ይችል ይሆናል። የልጅህ ጥምቀትም በዚያው መዝገብ ይገኛል። ወረቀቱ ሲጻፍ ከመዝገብ የተገለበጠ መሆኑንና የተሰጠበትን የአሁኑን ቀን በግልጽ ይናገር፤ እንደ ድሮ ወረቀት ተመስሎ አይሠራ። ይህን የሚያደርግ ሰው ይገኛል የሚል ቢመጣህ አትቀበለው።

ተስፋይ ከካሰል

አባታችን፣ ቡራኬዎ ይድረሰኝ። እህት ዘነበች፣ ደብዳቤውን ትናንት አስገብቼ ማኅተም ተመትቶልኛል። የሚስቴ አባት አሁንም እዚያው ስለሚኖሩ ደብሩን እንዲጠይቁልኝ መልእክት ልኬአለሁ።

አሁን ያስደነገጠኝ ሌላ ነገር ነው። የጥገኝነት ቃለ መጠይቄን ግልባጭ እንደገና ሳነብ የጋብቻዬ ቀን «ጃንዋሪ 2005» ተብሎ ተጽፏል። እኔ የተናገርሁት ጥር 2005 ብዬ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር። አስተርጓሚው ወሩን ለውጦ ዓመቱን እንዳለ ተወው። የመጀመሪያው ልጄ የልደት ቀን ግን በትክክል ሴፕቴምበር 2014 ተብሏል። ይህ ችግር ይፈጥራል?

ዘነበች ፍራንክፈርት

አዎን፣ ይፈጥራል፤ ገና ከአሁኑ በማየትዎ ግን ዕድለኛ ነዎት። ባለቤትዎ የተወለዱት መቼ ነው?

ተስፋይ ከካሰል

በ1993 እ.ኤ.አ. ነው።

ዘነበች ፍራንክፈርት

እንግዲህ ይህን ያስቡ። ጥር 2005 ዓ.ም. ማለት ከጃንዋሪ 9 እስከ ፌብሩዋሪ 7፣ 2013 ያለው ጊዜ ነው፤ ባለቤትዎ 19 ዓመት ገደማ ነበሩ። ግልባጩ እንደሚለው ጃንዋሪ 2005 ቢሆን ግን ከ12 ዓመት አይበልጡም። ኤምባሲው የጥገኝነት መዝገቡን ከማመልከቻው ጋር ያመሳክራል፤ የሚያየው ደግሞ በሕፃንነቷ የተዳረች ሴትን ነው። ለትዳር ጓደኛ ቪዛ ሁለቱም ወገኖች 18 ዓመት የሞላቸው መሆን አለባቸው፤ ዛሬ ይህ የተሟላ ቢሆንም ጋብቻው ሲፈጸም የነበረው ዕድሜ የጋብቻውን ሕጋዊነት ጥያቄ ውስጥ ያስገባል። ባለቤትዎ በኤምባሲ ሲጠየቁ 2013 ካሉ ደግሞ የሁለታችሁ ቃል ይጋጫል። በዚህ የቀን መቁጠሪያ ምክንያት የሚነሣውን ጥርጣሬ ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ የኛ ሰው የደብርና የትምህርት ቤት ወረቀት በአንዱ አቆጣጠር፣ የሌላ መሥሪያ ቤት ወረቀት በሌላው ስለሚይዝ ስምንትና ሰባት ዓመት ይዘለላል።

መፍትሔው ከውሳኔ በፊት ራስዎ መጻፍ ነው። ቃለ መጠይቁን ለያዘው መሥሪያ ቤት በመዝገብ ቁጥርዎ የማስተካከያ ደብዳቤ ያስገቡ፤ በየትኛው ገጽ ምን እንደተጻፈ፣ በእኛ አቆጣጠር ምን እንደተናገሩ፣ በአውሮፓውያኑ ስንት እንደሚሆን ይግለጹ፤ የልጅዎ ልደት በትክክል መለወጡም ስሕተቱ በአንድ ቦታ የተደረገ መሆኑን ያሳያል። የደብዳቤውን ቅጂ ለኤምባሲው ማመልከቻ አያይዙ። ከአሁን በኋላም በሚያስገቡት ወረቀት ሁሉ ላይ ሁለቱንም አቆጣጠር አብረው ይጻፉ። ከደብሩ የሚመጣው ወረቀት በግዕዝ አቆጣጠር ስለሚሆን፣ የሚተረጉመው ቃለ መሐላ የፈጸመ ተርጓሚ ዓመቱን በግርጌ ማስታወሻ እንዲለውጥ ይጠይቁ።

ብርሃኑ ዲሲ

እህት ዘነበች፣ ስላረሙኝ አመሰግናለሁ፤ አሜሪካና ጀርመን እንዲህ እንደሚለያዩ አላሰብሁም። ነገር ግን የልጆቹ የልደት ሰርተፊኬት ከኢትዮጵያ መንግሥት ቢወጣስ? ትንሿ የተወለደችው በኢትዮጵያ ምድር ነው።

ዘነበች ፍራንክፈርት

አቶ ብርሃኑ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ለሁለተኛዋ ልጅ ሊወጣ ከቻለ ይውጣ፤ አይጎዳም። ክብደቱን ግን በልኩ እንየው። ከልደቱ ከብዙ ዓመት በኋላ የሚሰጥ ሰርተፊኬት የሚነግረው ወላጅ ዛሬ ቀርቦ ምን እንዳስመዘገበ ነው። ኤምባሲው ለኢትዮጵያ ሰነዶች እውነተኛነትን የሚያረጋግጥ ማኅተም አይሰጥም፤ ራሱ የሚያምንበት ጠበቃ ቦታው ድረስ ሄዶ እንዲያጣራ ሊያደርግ ይችላል። ከዚህ ይልቅ ትልቅ ዋጋ ያለው ማንም ስለ ቪዛ ባላሰበበት ጊዜ የተጻፈ ነገር ነው። በዩኤንኤችሲአርና በስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት መዝገብ ላይ ይህ ቤተሰብ በሕፃፅ ሳለ አባት፣ እናትና ልጆች በአንድ ቁጥር ሰፍረው ፎቶግራፋቸው ተይዟል፤ ወረቀቱ ቢቃጠልም መዝገቡ በኮምፒውተር ላይ ስላለ አዲስ አበባ ካለው ቢሮ ማረጋገጫ መጠየቅ ይቻላል። የትንሿ ልጅ የክትባት ካርድ፣ የትልቁ ልጅ የጣቢያ ትምህርት ቤት ምዝገባ፣ ኤርትራ ውስጥ አያት ቤት የቀረ የቤተሰብ አባላት ስም የሚሰፍርበት የራሽን ኩፖን ካለ ፎቶው፣ የሠርግ ፎቶዎች፣ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ የተላከ ገንዘብ ደረሰኝ፣ እነዚህ ሁሉ አንድ ላይ ይመዘናሉ። የሚዜዎቹ የጽሑፍ ምስክርነት ከገባ «ባልና ሚስት መሆናቸውን አውቃለሁ» ከማለት አልፎ የት እንደቆሙ፣ የትኛው ቄስ እንደባረከ፣ ድግሱ በማን ግቢ እንደተደረገ ይናገር።

ዲኤንኤውን በተመለከተ፣ ምርመራው በፈቃደኝነት የሚደረግና ወጪው በራሳችሁ የሚሸፈን ነው። በበይነ መረብ የሚሸጠው የቤት ውስጥ ምርመራ ዋጋ የለውም። እርስዎ እዚህ ማንነትዎ ተረጋግጦ ናሙና ይሰጣሉ፤ ባለቤትዎና ልጆቹ ደግሞ በኤምባሲው በኩል አዲስ አበባ ይሰጣሉ። ብዙ ጊዜ ኤምባሲው ሌላው ማስረጃ አልበቃም ሲል ራሱ ይጠቁማል፤ ስለዚህ ቀድመው ገንዘብ አያውጡ።

አሁን ስለ ሦስተኛዋ ልጅ። አቶ ተስፋይ፣ ይህችን ልጅ እንደ አብራክ ልጃችሁ አድርጋችሁ በቪዛ ቅጹ ላይ አትጻፉ። ምርመራ ቢታዘዝ ከሁለታችሁም እንዳልተወለደች ይገለጣል፤ ያን ጊዜ የሚጠፋው የእሷ ማመልከቻ ብቻ ሳይሆን የጋብቻችሁና የሁለቱ ልጆች ማስረጃም ተአማኒነት ነው። በጣቢያው እንደ ልጅ መመዝገቧን ደብቃችሁ ልትተዉትም አትችሉም፤ መዝገቡን ራሳችሁ ነው የምታቀርቡት። ስለዚህ ባለቤትዎ ከኤምባሲው ቀጠሮ በፊት ለስደተኞች ቢሮው ቀርበው እናቷ መሞቷን፣ እነሱ እንዳሳደጓትና በዚህ ምክንያት እንደ ልጅ መመዝገቧን ገልጸው ዝምድናው እንዲስተካከል ይጠይቁ። ቤተሰብ የሞተች እህትን ልጅ እንደ ራሱ ማሳደጉን የሚያውቅ ሠራተኛ ይህን እንደ ማጭበርበር አያየውም።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ግን ጠባብ ነው። የኔዘርላንዷ ኤርትራዊት ጉዳይ ስለ ማስረጃ መመዘን ነው የሚናገረው፤ ኔዘርላንድ በአሳዳጊ እጅ ላሉ ልጆች መብቱን የሰጠችው በራሷ ፈቃድ ነው። በጀርመን ሕግ የተወለደ ወይም በሕጋዊ ጉዲፈቻ የተያዘ ልጅ እንጂ የእህት ልጅ በዚያው መብት አይገባም። ለሌሎች ዘመዶች የተተወው አንቀጽ ያልተለመደና እጅግ የከበደ ችግር መኖሩን እንድታሳዩ ይጠይቃል፤ የገቢው ቅድመ ሁኔታም እንደገና ይመጣል። ለእሷ የተለየ ማመልከቻ በጠበቃ ብታቀርቡና ብቻዋን አዲስ አበባ ብትቀር ማን እንደሚያሳድጋት ብታስረዱ እመክራለሁ።

መሠረት ሐ.

እኔ በዚህ ላይ ከእህት ዘነበች ጥቂት እለያለሁ። ባለቤቱ አሁኑኑ አዲስ አበባ ፍርድ ቤት ቀርባ የአሳዳጊነት ውሳኔ ብታወጣ፣ ወይም ጉዲፈቻ ብታስጸድቅ ልጅቱ እንደ ልጅ አትቆጠርም? በቤተሰባችን ይህን ያደረገ ሰው አለ።

ዘነበች ፍራንክፈርት

እህት መሠረት፣ የሞግዚትነት ውሳኔ መውጣቱን እደግፋለሁ፤ ልጅቱን ማን እንደሚያሳድግ በፍርድ ቤት ቃል ያስረዳል፣ ማንኛውም የወደፊት ማመልከቻም ይፈልገዋል። ልጅ ግን አያደርጋትም። ጉዲፈቻው የተለየ ነገር ነው፤ ለቪዛ ሲባል የተደረገ መስሎ ስለሚታይ ጀርመን እንዲቀበለው ማስደረግ ብዙ ጊዜ የሚወስድ የራሱ ሂደት አለው። የእርስዎ ዘመድ የተሳካላቸው በየትኛው አገር እንደሆነ ቢነግሩን ለሁላችንም ይጠቅማል። ሌላም ያልተጠየቀ ጥያቄ አለ፤ የልጅቱ አባት በሕይወት አሉ?

ተስፋይ ከካሰል

አባቷ ወታደር ነበር። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ድምፁን የሰማ የለም፤ ሞቷል የሚል ወረቀትም የለም። በፍርድ ቤት ፈቃዱን አምጡ ቢሉን ከየት እናመጣለን?

ዘነበች ፍራንክፈርት

ፍርድ ቤቱም ኤምባሲውም ይህን ይጠይቃሉ። በሕይወት ያለ አባት ያለ ፈቃዱ ልጁ ከአገር እንድትወጣ አይደረግም፤ ስለዚህ እሱን መፈለጋችሁን ማሳየት ይኖርባችኋል። ቀይ መስቀል የጠፉ ቤተሰቦችን የሚያፈላልግበት አገልግሎት አለው፤ እርስዎ በጀርመን በኩል፣ ባለቤትዎ በአዲስ አበባ በኩል ጥያቄ ማስገባት ይችላሉ። ፍለጋው ባይሳካም ጥያቄው የቀረበበት ቀንና የተሰጠው መልስ በወረቀት ይቀራል። ኤርትራ ያሉ ዘመዶቹን በመንግሥት ቢሮ በኩል እንዲጠይቁ ግን አላበረታታም፤ እነሱን ለአደጋ ማጋለጥ ይሆናል። ባለቤትዎም ለፓስፖርት ሲባል ወደ ኤርትራ ኤምባሲ እንዲሄዱ ቢነገራቸው ሳይፈርሙ ይንገሩኝ። የጀርመን ፌደራል አስተዳደር ፍርድ ቤት በጥቅምት 2022 እ.ኤ.አ. ኤርትራ ያለ ፈቃድ የወጡ ዜጎቿን የምታስፈርመውን የጸጸት መግለጫ ፈርመህ ፓስፖርት አውጣ ማለት ፈቃደኛ ላልሆነ ሰው ተገቢ አይደለም ብሎ ወስኗል፤ ጉዳዩ እዚህ ጀርመን የሚኖር ሰው ስለነበር ለባለቤትዎ በቀጥታ አይሠራም፤ ጠበቃው ግን ሊጠቅሰው ይችላል።

መሠረት ሐ.

ዘመዴ የተሳካላቸው በስዊድን ነው፤ ከብዙ ዓመት በፊት። ጀርመን አለመሆኑን አሁን ነው ያስተዋልሁት። የሞግዚትነቱን ውሳኔ ያወጡላቸውን የአዲስ አበባ ጠበቃ አድራሻ ለተስፋይ በግል እልካለሁ።